ዋጋውን ልጻፍ ወይስ «በውስጥ አናግሩኝ» ልበል?

«ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የልጆች ልብስና ጫማ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ መርካቶ ወርጄ አዲስ ዕቃ አመጣለሁ። ከዓመት በፊት የቴሌግራም ቻናል ከፍቼ አሁን 412 አባላት አሉት። ዕቃ ባመጣሁ ማታ ሠላሳ አርባ ፎቶ ከነዋጋው እለቃለሁ። ችግሩ፣ ደንበኞች የከረመ ዋጋ ስልካቸው ላይ ይዘው ይመጣሉ። ‹ራስሽ የጻፍሽው ነው› እያሉ ይጣሉኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ተቆጥታ ሄደች። ጎረቤቴ ‹ዋጋ አትጻፊ፣ በውስጥ አናግሩኝ በይ› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?
ሰ.፣ ከቱሉ ዲምቱ»

እህቴ፣ ዋጋ መጻፍሽን አታቁሚ። ከሰው ያጣላሽ፣ የጻፍሽው ዋጋ የሚያበቃበት ቀን ስለሌለው ነው።

እስቲ ሱቅሽን አስቢው። አንድ ጫማ ሲሸጥ መደርደሪያው ላይ ቦታው ባዶ ይሆናል። ዋጋ ሲጨምር የለጠፍሽውን ወረቀት ትቀይሪዋለሽ። ደንበኛሽ ገብታ የምታየው የዛሬውን ነው። ቻናሉ ላይ ግን አምና የተሸጠ ጫማ ዛሬም ከነዋጋው ተሰቅሎ አለ። አንዲት እናት ማታ ልጆቿን አስተኝታ ወደ ላይ ወደ ላይ እየሳበች ስታይ የትኛው ያለ፣ የትኛው ያለቀ እንደሆነ በምን ታውቃለች? ቴሌግራም ቀኑን ያሳያል እርግጥ ነው። ግን ፎቶውን ስክሪንሾት አድርጋ ለባሏ ስትልክ ቀኑ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። ዋጋው ብቻ ይቀራል።

ይህን እኔም ከደንበኛ ወገን ቀምሼዋለሁ። ዓለም ገና ስኖር ለልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ አንድ ቻናል ላይ አይቼ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ሻጩ ስልኬን ገልመጥ አደረገና «እሱ እኮ የድሮ ነው» አለኝ። አዲሱ ዋጋ ያን ያህል ውድ አልነበረም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ያለ ክርክር እገዛው ነበር። ግን ሳልገዛ ተመለስኩ። ቻናሉንም ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለቅቄ ወጣሁ። የአንቺ ደንበኛ የተቆጣችው ለገንዘቡ ብቻ እንዳይመስልሽ። መንገዷም አለበት።

የጎረቤትሽ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ጫማ የሚሸጥ ሰው ያኔ ጠዋት የጻፈውን ዋጋ ማታ ሲያየው ይደነግጥ ነበር። ብዙ ነጋዴ ዋጋ መጻፍ የፈራው ከዚያ ወዲህ ነው። ግን «በውስጥ» ስትይ ሥራው ወደ አንቺ ይዞራል። ሃያ ሰው ስለ አንድ ጫማ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጽፍልሽ ሃያ ጊዜ ትመልሻለሽ፤ ሱቅ ውስጥ የቆመ ደንበኛ እያለሽ። ዘግይተሽ ስትመልሺ ደግሞ ሌላ ጋ ገዝታለች። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጠይቆ «አይ፣ አልችለውም» ማለት የሚያፍረው ሰው ነው። እሱ አይጠይቅሽም፣ አይመጣምም። ሕጉም ቢሆን፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ በሱቁ ውስጥ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ሱቅሽ ውስጥ የምትለጥፊውን ዋጋ ቻናል ላይ የምትደብቂበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ።

አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ፖስት። አሁን አሥር ፎቶ በአንድ ላይ ለቀሽ ከሥሩ «ከ900 እስከ 1,800» የምትይ ከሆነ እሱን ተዪው። ቴሌግራም በአንድ ፖስት እስከ 10 ፎቶ ይፈቅዳል፤ ስለፈቀደ ግን መሙላት የለብሽም። ከአሥሩ ሦስቱ ሲያልቁ ጽሑፉ የትኛውን እንደሚናገር አንቺም ይጠፋብሻል። ለአንድ ጫማ ሁለት ፎቶ ይበቃል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ሶሉን የሚያሳይ። እናቶች ሶሉን ያያሉ። ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦

```
ጫ14
የልጆች ስኒከር፣ ጥቁርና ነጭ
ቁጥር 26፣ 27፣ 28፣ 30
1,450 ብር
ይህ ዋጋ እስከ ኅዳር 10 ይሠራል
#የልጆች_ጫማ
```

«ጫ14» ያልኩት አንቺ የምታወጪለት ኮድ ነው። ጫማ ከሆነ ጫ፣ ቀሚስ ከሆነ ቀ ብለሽ ቁጥር ስጪው። ሳጥኑ ላይም በፓርከር ጻፊው። ደንበኛ ደውላ «ያቺ ነጭ ያለባት ጥቁሯ ጫማ አለች?» ብላ ከምታደክምሽ «ጫ14 ቁጥር 28 አለ?» ትልሻለች። በሃሽታጉ ውስጥ ክፍተት አትተዪ፤ ቃላቱን በስር መስመር አያይዣቸው። ከተለያዩ ቴሌግራም ሃሽታግ የሚያደርገው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። በትክክል ከጻፍሽው ግን ደንበኛዋ ሃሽታጉን ነካ ስታደርግ ቻናልሽ ላይ ያሉ የልጆች ጫማዎችን ለይታ ማየት ትችላለች።

ከሁሉም የሚበልጠው መስመር አምስተኛው ነው። ቀኑን የምትመርጪው በግምት አይደለም። አንቺ ሐሙስ ሐሙስ መርካቶ ትወርጃለሽ። አዲስ ዋጋ የምትሰሚውም ያን ቀን ነው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ የለቀቅሽው ዋጋ እስከ ቀጣዩ ረቡዕ ይሥራ። ስድስት ቀን ነው። ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ፤ የማታውቂውን ዋጋ ቃል መግባት ይሆናል። ቀኑን ደግሞ በወርና በቁጥር ጻፊው። «እስከ ረቡዕ» ብቻ ካልሽ ስክሪንሾቱ ከወር በኋላም «እስከ ረቡዕ» ይላል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ሰኞ ዕለት አከፋፋይሽ ደውሎ «ያ ጫማ ጨምሯል» ቢልሽስ?

በቁጥር እንየው። ጫ14ን 12 ጥንድ በ1,100 ገዛሽ እንበል። በ1,450 ለቀቅሽው፤ በአንዱ 350 ብር አለሽ። ሰኞ ዕለት 8 ሸጠሽ 4 ቀርቶሻል። መግዣው 1,250 ገባ ተባልሽ። አንቺም አዲሱን በ1,600 ልትሸጪ አሰብሽ። ጣትሽ ወዲያው ፖስቱን ገብቶ 1,450ን በ1,600 ሊቀይር ይቸኩላል። አታድርጊው! በቀሩት አራት ጥንዶች የምታጪው 600 ብር ነው። እሱም ከኪስሽ የሚወጣ አይደለም፤ እነዚያን አራቱን በ1,100 ነው የገዛሻቸው። ለመተኪያው ትንሽ ያጥርሻል እንጂ አልከሰርሽም። ጠዋት 1,450 አይታ ከሰዓት 1,600 የጠበቃት ደንበኛ ግን ስክሪንሾቱን ለጎረቤቶቿ ሁሉ ታሳያለች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወሬ በአንድ ደረጃ ነው የሚወርደው። እስከ ረቡዕ በጻፍሽው ሽጪ። ሐሙስ ጠዋት መርካቶ ከመሄድሽ በፊት ገብተሽ ዋጋውንም ቀኑንም ቀይሪ። ያኔ ማንም «ራስሽ ጽፈሽ» አይልሽም። ቢልሽም ቀኑን ታሳዪዋለሽ፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ቅናሽ ሲሆን ግን ቀን መጠበቅ የለብሽም። ወዲያውኑ አስተካክዪው።

ፖስት ማስተካከል ቀላል ነው። ፖስቱን ነካ ስታደርጊ ከሚመጣው ዝርዝር Edit የሚለውን ወይም የእርሳስ ምልክቱን ትመርጫለሽ። ለግል ሰው የላክሽውን መልእክት ማስተካከል የምትችዪው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። በራስሽ ቻናል ላይ ያለውን ግን ከወራት በኋላም መቀየር ትችያለሽ። ስታስተካክዪ የማንም ስልክ አይጮህም። ስለዚህ ቁጥር 28 ሲያልቅ ሁለት ሰከንድ ወስደሽ 28ን ከመስመሩ አጥፊ። በየሽያጩ ስልክ ማንሳት ካስቸገረሽ ከሒሳብ መያዣሽ አጠገብ ቁራጭ ወረቀት አኑሪ። «ጫ14 – 28» ብለሽ ጻፊና ማታ ሱቅ ስትዘጊ ሁሉንም በአንዴ አስተካክዪ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ጨርሶ ያለቀውንስ? ብዙ ሰው ወዲያው ያጠፋዋል። እኔ አልመክርሽም። የመጀመሪያው መስመር ላይ «አልቋል» ብለሽ ጻፊና እስከ ማብቂያ ቀኑ ድረስ ተዪው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ደንበኛሽ ፖስቱን ለእህቷ ፎርዋርድ ስታደርገው እህቷ ጋ የደረሰው ቅጂ አንቺ ብታስተካክዪም አይቀየርም። የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። ግን ከላዩ የቻናልሽ ስም አለ። እሱን ነካ ስታደርግ ወደ ዋናው ፖስት ይወስዳታል፤ እዚያ «አልቋል» ታነባለች፣ ወይም አዲሱን ዋጋ ታያለች። ካጠፋሽው ግን የምታገኘው ነገር የለም፤ አሮጌው ዋጋ ብቻ እጇ ላይ ይቀራል። ሌላም ጥቅም አለው። «አልቋል» ያልሽበት ፖስት ላይ «መቼ ይመጣል?» የሚል ሰው በብዛት ከጻፈልሽ በሚቀጥለው ሐሙስ ምን እንደምትገዢ አወቅሽ ማለት ነው። ማብቂያ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን አጥፊው።

አሁን ስለ ብዛቱ። በአንድ ማታ ሠላሳ አርባ ጊዜ ስልኳ ጩኸት ያሰማባት ሰው ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ። ትዘጋዋለች። ድምፁን አንዴ ከዘጋችው ተመልሳ የምትከፍተው ጥቂቷ ናት። ከአባልነት ስላልወጣች ቁጥርሽ 412 እንዳለ ነው፤ አንቺን መስማት ግን አቁማለች። ይህን የምታውቂው ከፖስቱ ሥር ባለው የዓይን ምልክት ነው። ቁጥሩ ፖስቱ ስንት ጊዜ እንደታየ ይነግርሻል። ፎርዋርድ ተደርጎ የታየውም ስለሚደመርበት ትክክለኛ የሰው ቆጠራ አይደለም። ቢሆንም አንድ ፖስት ሁለት ቀን ቆይቶ 90 ላይ ከቆመ ብዙዎቹ ዘግተውሻል።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ቻናሉ ላይ የምትጽፊበት ሳጥን አጠገብ የደወል ምልክት አለ። እሱን ነክተሽ ዝጊውና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ልቀቂ፤ ያለ ድምፅ ይገባሉ። ሁሉንም ስትጨርሺ ደወሉን መልሰሽ ክፈቺና አንድ አጭር መልእክት በድምፅ ላኪ፦ «ዛሬ ከገባው፦ የልጆች ስኒከር ከ26 እስከ 30፣ የሴት ልጆች ሹራብ፣ የዝናብ ቦት። ዋጋው እስከ ኅዳር 10። ወደ ላይ ወጣ ብለው ይመልከቱ።» ስልኩ በሳምንት አንዴ ጮኸ። ያንን ሰው ይታገሳል።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። የአንቺ አካባቢ ሰው ከመሀል ከተማ የሚመለስ ነው። 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ተፋፍጓል፤ ዳታም ይቆጥባል። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ግን እራት ተበልቶ ስልክ የሚነካበት ሰዓት ነው። አንቺ ያን ሰዓት ደክሞሽ ከሆነ ቀድመሽ አዘጋጂው። መላኪያውን ቀስት ጫን አድርገሽ ስትይዢው Schedule Message የሚል ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ እዚያ የምትሞዪው ሰዓት የስልክሽ ነው። የማታ 2:30 ማለት 20:30 ነው። 2:30 ብለሽ ከሞላሽው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ደንበኞችሽን ትቀሰቅሺያለሽ።

ቪዲዮ አታብዢ። በሞባይል ዳታ የሚያይ ሰው ገንዘቡን ነው የሚያወጣልሽ።

ከላይ የሚሰካ አንድ መልእክትም ይኑርሽ፤ ጽፈሽ Pin በይው። የሱቅሽ ብሎክ ቁጥርና መግቢያ፣ የምትከፍቺበት ሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት በፊት ዝግ መሆንሽ፣ ስልክሽ፣ ቁጥር ካልሆነ በስንት ቀን እንደምትቀይሪ። ከሥሩ ይህን ጨምሪ፦ «ማብቂያ ቀኑ ያለፈ ዋጋ ካዩ ከመምጣትዎ በፊት ይደውሉ።» የቴሌብር ክፍያ የምትቀበይ ከሆነ በማን ስም እንደሚከፈልም ጻፊ። የሰው ሱቅ ስምና ፎቶ ገልብጦ ቻናል ከፍቶ ቅድሚያ ክፍያ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ደንበኛሽ ትክክለኛውን ስም ካወቀች ትጠነቀቃለች። ደግሞ ዛሬውኑ በቴሌግራም Settings ገብተሽ Two-Step Verification ክፈቺ። የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ጻፊው። በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ የሚመጣልሽን የመግቢያ ቁጥር «ከቴሌግራም ነው የምደውለው» ለሚል ለማንም አትንገሪ። አካውንትሽ ከተወሰደ ቻናሉም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ አልደብቅሽም። አርባ ፖስት በየማታው ማስተካከል ለአንድ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ አርባውን አትልቀቂ። ከመጣው ውስጥ ቁጥር የተሟላላቸውን አሥራ ሁለት ዓይነት ምረጪ። አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ብቻ ያለሽን ዕቃ ቻናል ላይ አታውጪ፤ አንዷ ስትገዛው አሥር ሰው ታሳዝኛለሽ። እሱ ሱቅ ለገባ ሰው ይቆይ። ቻናሉ ላይ ያየችውን ልትገዛ የመጣች እናት ያላየችውንም አግኝታ ትወጣለች።

መሥራቱን በሦስት ሳምንት ታውቂዋለሽ። ደንበኞች ኮድ እየጠሩ ከደወሉ፣ «ስንት ነው?» የሚለው መልእክት ከቀነሰ፣ የዓይኑ ቁጥር ከፍ ካለ ይዘሻል ማለት ነው። የዓይኑ ቁጥር ካልተነሳ ግን አባላቱን ከየት እንዳመጣሻቸው አስቢ። ቴሌግራም የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ከስልክሽ ዝርዝር በቀጥታ እንድታስገቢ ይፈቅዳል። እንደዚያ አድርገሽ ከሆነ ከ412ቱ ግማሽ ያህሉ የልጆች ጫማ ፈልገው የገቡ አይደሉም። ከአሁን በኋላ የቻናሉን ኪውአር ኮድ አሳትመሽ ሒሳብ የምትቀበይበት ጋ ለጥፊው። ጫማ ገዝታ የምትወጣ እናት ራሷ ስካን አድርጋ ትግባ። እንዲህ ፈልጋ የገባች አንዷ፣ ሳይጠየቁ ካስገባሻቸው አምስት ሰዎች ትበልጥብሻለች።

አሁን ቻናሉ ላይ ያለውን የአንድ ዓመት ክምር ደግሞ በአንድ ሌሊት ልጨርስ አትበዪ። ከታች ጀምሪ፤ አዲሱ ከታች ነው፣ ሰው ቀድሞ የሚያየውም እሱን ነው። ሱቅ ውስጥ የሌለውን አጥፊ፣ ያለውን ኮድና ቀን ስጪው። በየማታው ሃያ ሃያ ብትነኪ ይበቃል። የተቆጣችው ደንበኛሽን ስልክ ካለሽ ደግሞ ሐሙስ ማታ አትጠብቂ። ነገ ደውዪላት። የያዘችው ዋጋ የቆየ እንደነበር፣ ጥፋቱ አንቺ ሳታጠፊው መቆየትሽ እንደሆነ ንገሪያት። ያን ጫማ ገና ከፈለገችው ቁጥሩን ጠይቂያትና አስቀምጪላት።